ሰባ የሰጠሁት ትርጉም

ከሚሴ ውስጥ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ የሚሻገር ወረቀት በእኔ እጅ ሳያልፍ አይሻገርም ይባላል። የሚሉት ሰዎች ናቸው፤ ግን አልተሳሳቱም። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አማርኛን ያጠናሁት ሱቅ ውስጥ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ አረብኛን ከቁርኣን ቤት፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀመር እኔ ጎልማሳ ነበርኩ። ከልጄ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ፊደሉን በአንድ ሳምንት ጨረስኩት፤ ልጄ ዓመቱን ሙሉ ፈጅቶበታል። ፍርድ ቤት በዘበኝነት ገብቼ በአስተርጓሚነት ጡረታ የወጣሁ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ዳኞቹ ይቀያየሩ ነበር፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም። ምን ያህል እንደማውቅ ያልተረዳ ሰው፣ ምን ያህል እንደተሳሳትኩም ሊረዳ አይችልም ብዬ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እናቶችንና ሕፃናትን የሚረዳ አንድ ድርጅት ከተማችን ውስጥ ቢሮ ከፈተ። የጽሑፍ ሥራውን የሚመራው ከደሴ የመጣ አስተባባሪ ነበር። ትሑት ሰው ነው፤ ኦሮምኛው ግን ከሰላምታ አያልፍም። የምክር ጽሑፎች በአማርኛ ይመጡለታል፤ እሱ ወደ ኦሮምኛ አስተርጉሞ በዞኑ ገጠር ቀበሌዎች ያሰራጫል። ትርጉሙ ደህና ይሁን አይሁን ማወቅ ስለማይችል ገምጋሚ ፈለገ። ሰዎች ወደ እኔ ላኩት።

በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩን ከፍቶ አንድ ሠንጠረዥ አሳየኝ። በእያንዳንዱ ረድፍ የአማርኛው ዓረፍተ ነገር፣ አጠገቡ ትርጉሙ፣ ከዚያ የስህተቱ ዓይነት፣ ክብደቱ፣ ገምጋሚው ያቀረበው ማስተካከያና ምክንያቱ ይጻፋል። የመጨረሻው ዓምድ ለተርጓሚው መልስ ነው። ዓይነቶቹ አራት ናቸው። አንደኛው ትክክለኛነት ነው፤ ምንጩ ያለው ተዛብቷል? ተጥሏል? ያልነበረ ተጨምሯል? ሁለተኛው ፍሰት ነው፤ ቋንቋው እንደ ቋንቋ ይሄዳል ወይ? ሦስተኛው የሙያ ቃላት፣ አራተኛው ቃና። ክብደቱ ቀላል ከሆነ አንድ ነጥብ ይቀነሳል፤ ከባድ ከሆነ አምስት። የሰው ጤና ላይ አደጋ የሚያመጣ ስህተት «አስጊ» ይባላል፤ አሥር ነጥብ ነው፤ አንድ እንኳ ከተገኘ ትርጉሙ ሌላው ምንም ያህል ቢያምር ይወድቃል። የተቀነሰው ነጥብ በሺህ ቃል ይሰላና ከመቶ ላይ ይነሳል። ማለፊያው ሰማንያ አምስት ነው።

«አባት፣ መመሪያውም አብሮ አለ። አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ቤትዎ ወስደው ያንብቡት» አለኝ አስተባባሪው።

ወሰድኩት። አላነበብኩትም። እኔ በሕይወቴ ማንም መመሪያ ሰጥቶኝ የተማርኩት ነገር የለም። ሠንጠረዡን አንዴ አይቼ ገብቶኛል፤ ስሌቱንም ኮምፒውተሩ ከማስላቱ በፊት በአእምሮዬ እጨርሰው ነበር። አስተባባሪው ይገረም ነበር። አሥራ አንዱ ገጽ መስኮቴ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ መታው።

ከተርጓሚዎቹ አንዷን ያፈራኋት እኔ ነኝ። የጨፋ ልጅ ናት፤ እናቷ እስከ ዛሬ ቦርከና ዳር ማሽላ ያርሳሉ። የመምህርነት ዲፕሎማ ይዛ ለሁለት ዓመት በኮንትራት አስተምራለች። ባሏ አረብ አገር ሄዶ ድምፁ ሲጠፋ ሁለት ልጆች ይዛ ከተማ ገባች። መጀመሪያ ቤቴ የመጣችው ማመልከቻ እንዳስተካክልላት ነበር። ስታነብ አፏ ቶሎ አይሄድም፤ ያነበበችውን ግን አትረሳም። እንደዚህ ዓይነት ሰው ለትርጉም ሥራ ጥሩ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዙሁር ሶላት በኋላ እየመጣች በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ሠርታለች። ምንጩን ክፈቺ፣ ትርጉሙን በማስመሪያ ሸፍኚ፣ በልብሽ ተርጉሚው፣ ከዚያ ማስመሪያውን አንሺ እያልኩ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይህን ዘዴ ያገኘሁት ራሴ ነኝ፤ ከማንም አልሰማሁትም።

ድርጅቱ ተርጓሚዎችን በቋሚነት መዝገቡ ላይ ለማስገባት ሦስት የሙከራ ሥራ ይሰጣል። ሦስቱንም ያለፈ ይገባል፤ በአንዱ የወደቀ ይሰረዛል፤ መዝገቡም ተመልሶ የሚከፈተው በሚቀጥለው በጀት ነው። እሷ ሁለቱን አልፋለች። ሁለቱንም ከማስረከቧ በፊት አምጥታ አሳይታኛለች። ገምጋሚው እኔ መሆኔን ያኔ አታውቅም ነበር፤ እኔም አልነገርኳትም። ይህ ትክክል እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን እንደ አባት ነበር የሚታየኝ።

ሦስተኛውን አላመጣችም።

ፋይሉ ሲደርሰኝ ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ገምጋሚ የማንን ሥራ እንደሚገመግም አያውቅም። በከሚሴ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው በጣት ይቆጠራል። የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዳነበብኩ አወቅኋት። ሆድ ውስጥ ያለውን ልጅ የጠራችበት ቃል የጨፋ ሴቶች እርስ በርስ ሲያወሩ የሚሉት ነው፤ በመጽሐፍ አይገኝም። ሌሎችም ነበሩ፤ ከአረብኛ ገብተው ወሎ ኦሮምኛ ውስጥ የቀሩ ቃላት፤ እናቴ ትላቸው የነበሩ፣ እኔ ሬዲዮ እያዳመጥኩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአፌ ያጠፋኋቸው ቃላት።

ጽሑፉ ስምንት መቶ ቃል ያህል ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ከታዩ ሐኪም የሚያስፈልጋቸው ምልክቶች። ደም መፍሰስ፣ ዓይን ብዥ የሚያደርግ ከባድ ራስ ምታት፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። በአማርኛው ከዝርዝሩ ሥር፣ «ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ እንኳ ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ» ይላል።

እሷ ይህን የተረጎመችው እንዲህ ነበር፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው፦ «ከእነዚህ አንዷን ካየሽ፣ አንዷ ትበቃለች፤ ሁለተኛዋን አትጠብቂ፤ ተነሽና ሂጂ።»

ማስመሪያዬን አስቀምጬ አየሁት። አስቀየመኝ። ያስተማርኳት እንዲህ ነው ወይ አልኩ። መጽሐፍ ላይ የሚወጣ ነገር ልጅ እንደሚጣራ ሰው ይጮሃል እንዴ? ለእናቶች አክብሮት የት አለ? ዓይነቱን ቃና ብዬ፣ ክብደቱን ከባድ ብዬ፣ አምስት ቀነስኩ። በማስተካከያው ዓምድ የእኔን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «እነዚህ ምልክቶች በሚታዩበት ጊዜ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።» በኦሮምኛው እንዴት እንዳማረ እዚህ ማሳየት አልችልም። ሬዲዮ ላይ ቢነበብ ጋዜጠኛው ራሱ ይቀናበታል።

እንዲህ እያልኩ አሥራ ሁለት ረድፍ ሞላሁ። በፍሰት ዘጠኝ ነጥብ፣ በሙያ ቃላት ስምንት፣ በቃና ሰባት። በትክክለኛነት ምንም አላገኘሁም፤ ዜሮ ነው። ያንን ዜሮ አይቼ ቆም ማለት ነበረብኝ። ትርጉሙ ከምንጩ አንዲት ነገር አልጣለም፣ አላዛባም፤ እኔ ግን ሃያ አራት ነጥብ ቀንሼለታለሁ። በሺህ ቃል ሲሰላ ሠላሳ፤ ከመቶ ሲነሳ ሰባ።

ሳይገባኝ የሠራሁት አይደለም ብዬ ብናገር ይሻላል። ልቤ ውስጥ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ ሳታሳየኝ ማስረከቧ። ሁለተኛው ኩራት ነው። የራሱን ተማሪ አሳለፈ እንዳልባል፣ ለራሴ ሰው እንደማላዳላ እንዲታወቅልኝ ፈልጌ ነበር። ማንም ባላየበት ቤት ውስጥ ተቀምጬ አለማዳላቴን ለማን እንደማሳይ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አስተባባሪው ቁጥሩን አይቶ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አባት፣ ሰባ ነው። ያለፉትን ሁለት ሥራዎች ዘጠና ምናምን ያመጣ ተርጓሚ ነው ይሄ። አልከበደም?»

«ቁጥሩ የእኔ አይደለም፤ የሠንጠረዡ ነው።»

«እሱስ ልክ ነው። እኔ እንግዲህ ቋንቋውን አላውቀውም።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኩት። በዚያው አበቃ።

ደንቡ ተርጓሚው መልስ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። መልሷ ከሦስት ቀን በኋላ መጣ። ለአሥራ ሁለቱም ረድፍ ጽፋለች። አብዛኛው አጭር ነው። «ይህ ቃል በተሰጠን የቃላት ዝርዝር ውስጥ አለ።» «ይህ አንድ ቃል ነው፤ ሦስት ጊዜ ስለተደገመ ሦስት ስህተት ተብሎ ተቆጥሯል።» «መመሪያው ገጽ አንድ፣ የአንባቢው ማንነት።» በዘጠነኛው ረድፍ፣ በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ረዘም አድርጋለች፦ «የቀረበው ማስተካከያ ‹አንዱ እንኳ› የሚለውን ጥሏል። እናቶቻችን ሁሉም እስኪመጣ ይጠብቃሉ። እባክዎ ይህን ብቻ ይመልሱት፤ ነጥቡ ይቅር።»

ነጥቡ ይቅር ነው ያለችው። 

በሌላ ቦታ እንዲህ ሲጋጭ ሦስተኛ ሰው ይዳኛል። በዞኑ ሦስተኛ ሰው ስላልተገኘ አስተባባሪው እኔኑ «እርስዎ አንዴ ይዩትና ይዝጉት» አለኝ። በዘጠነኛው ረድፍ ሥር አንድ መስመር ጻፍኩ፦ «ከዐውዱ ይገባል።» ዘጋሁት።

በማግስቱ ኮፒ ማድረጊያ ቤቱ በር ላይ ተገናኘን። የልጆቿን የልደት ካርድ ኮፒ ልታስደርግ መጥታ ነው። ሻሿን አስተካከለችና በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ፤ ጤናዬን፣ ቤቴን፣ ጉልበቴን ሁሉ ጠየቀችኝ። ሰላምታው እንደ ወትሮው ረጅም ነው። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሰች፤ ከእኔ ጋር ሥራ የምትነጋገረው ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር።

«አባ፣ ገምጋሚው አንቱ እንደሆኑ አውቄያለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«‹ከዐውዱ ይገባል› ብለው በረንዳው ላይ ስንቴ ብለውኛል። ማን ይነግረኛል?»

ካርዶቹን ለኮፒ አድራጊው ልጅ ሰጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መመሪያውን አንብበውታል?»

«ልጄ፣ እኔ መመሪያ የሚያስፈልገኝ ሰው አይደለሁም።»

«እሱን ነው የጠየቅኩት» አለች። ኮፒዋን ተቀብላ ሄደች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

መዝገቡ ላይ የነበረው ቁጥሯ ተሰረዘ። ሁለት ሳምንት ያህል እንደቆየች ከተማ ውስጥ የተከራየችውን ክፍል ለቃ ሰንበቴ ከተማ አጎቷ ጋ ሄደች ሲባል ሰማሁ። ወረቀቱ ከነማስተካከያዎቼ ታተመ። ባለቀለም ነው፤ ሥሩ ላይ የገምጋሚ ስም አይጻፍም። እኔ ግን አንዱን ቅጂ ወስጄ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳይጠይቀኝ አነበብኩለት።

ከወራት በኋላ አስተባባሪው ወረቀቱ ገጠር ውስጥ እንዴት እንደሚነበብ አይቼ እንድመጣለት ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። በጨፋ ሸለቆ ባለ አንድ ቀበሌ፣ በጤና ኬላው፣ የነፍሰ ጡር እናቶች የወር ስብሰባ ነበር። በባጃጅ ሄድኩ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነበር። ሴቶቹ ከጤና ኬላው ፊት ለፊት ከግራር ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አሥራ ምናምን ይሆናሉ። ገንፎ ቀርቧል። እኔ ወንድ ስለሆንኩ ራቅ ብሎ ግንቡ ጥግ ወንበር ተሰጠኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ወረቀቱን ይዛ ቆማ ማንበብ ጀመረች።

መስማት ስጀምር ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ቃል በቃል የእኔ ነው። ከዚያ የሴቶቹን ፊት አየሁ። እንደ ሬዲዮ ዜና ነበር የሚሰሙት፤ በአክብሮትና ከሩቅ። ሆድ ውስጥ ያለውን ልጅ ወደምትጠቅሰው ቦታ ስትደርስ አንዷ ለጎረቤቷ «ምንድን ነው ያለችው?» አለች። ጎረቤቷ ያንን የጨፋ ቃል ነገረቻት፤ እኔ ስህተት ብዬ የሰረዝኩትን። ሠራተኛዋም ሰምታ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ እያነበበች ራሷ ወደዚያ ቃል ትመልሰው ጀመር። ለካ ወረቀቱን በየስብሰባው እንደገና ስትተረጉመው ነው የከረመችው።

ምልክቶቹ አልቀው የእኔ ዓረፍተ ነገር ተነበበ። ያንን አልተረጎመችውም፤ እንደተጻፈው አነበበችው።

ከጀርባ የተቀመጠች አንዲት ሴት እጇን አነሳች። ፊቷ ሞላ ያለ ነው፤ ወፍራም ሴት መስላኝ ነበር።

«እህቴ፣ እኔ እጄ አብጧል። ቀለበቴን በሳሙና ነው ያወጣሁት። ደም ግን የለም፤ ትኩሳትም የለም። ራሴንም አላመመኝም። እንግዲህ አልሞላም ማለት ነው?»

«ስንት ቀንሽ ነው?»

«ባለፈው ስብሰባ ጊዜ ጀምሮኝ ነበር። ያኔም አንብበሽልን አልሞላልኝም።»

ሴቶቹ ሳቁ። «የማሽላ ጎተራ መሰላት፣ እስኪሞላ የምትጠብቀው» አለች አንዷ። ሴትየዋም አብራ ሳቀች። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ዝቅ ብላ አየችው። ጣቷን በመስመሩ ላይ እየጎተተች ስታነበው ከሩቅ አያታለሁ። እዚያ የምትፈልገውን ቃል እኔ አውቀዋለሁ። የለም።

«አንዱ ይበቃል» አልኩ ከወንበሬ።

ሁሉም ዞሩ። አንዲት አሮጊት «እኚህ ደግሞ ማን ናቸው፣ የሴት ነገር የሚያውቁ?» አሉ፤ እንደገና ሳቅ ሆነ።

«አንዱ ምልክት ይበቃል። አሁኑኑ ትሂድ።»

«አባ፣ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ አይልም እኮ» አለች ሠራተኛዋ በአክብሮት።

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ብዙ ጊዜ በኩራት ተናግሬዋለሁ። እንደዚያን ቀን አፌ ውስጥ መሮኝ አያውቅም።

ሠራተኛዋ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። ሴትየዋን ወደ ውስጥ አስገብታ ደም ግፊቷን ለካች። ስትወጣ የሠራተኛዋ ፊት ተለውጦ ነበር፤ ግፊቱ በጣም ከፍ ብሏል። በመጣሁበት ባጃጅ ሴትየዋንና እህቷን ይዘን ወደ ከሚሴ ተመለስን፤ እኔ ከሹፌሩ ጎን ተጣብቄ። መንገድ ላይ ሴትየዋ «አንቱን ከሥራ አስፈታሁዎት» አለችኝ።  ሆስፒታል በር ላይ አወረድናቸው።

ከሳምንት በኋላ ሠራተኛዋን በስልክ ጠየቅኳት። እናትየዋ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት አለችኝ። ልጁ አልተረፈም። «ቀድማ ብትመጣ ኖሮ ይተርፍ ነበር?» ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እሷም ሐኪም አይደለችም። ምናልባት ወረቀቱ ባይኖርም ትጠብቅ ነበር። ምናልባት መንገዱ ነው፣ ምናልባት አጀሉ፣ የተቆረጠለት ቀን ነው። ይህን ሁሉ ለራሴ ብያለሁ። ግን ያቺ ሴት ያለችውን ሰምቻለሁ፦ ያኔም አንብበሽልን አልሞላልኝም።

ያን ቀን አሥራ አንዱን ገጽ ከመስኮቱ አንስቼ አነበብኩት። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ገጽ አንድ ላይ፦ ጽሑፉ ለገጠር እናቶች ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነው፤ የአካባቢው ሴቶች በሚነጋገሩበት አነጋገር ይሁን። ገጽ ሦስት ላይ፦ የተደጋገመ ስህተት አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል። ገጽ አራት ላይ፦ የገምጋሚው ምርጫ ስህተት አይደለም፤ ስህተት የሚባለው በምንጩ፣ በመመሪያው ወይም በቃላት ዝርዝሩ ማስረጃ ሲቀርብበት ነው። እነዚህን ሕፃን ያነባቸዋል። እኔ ከምንጩ የራቀውን ስፈልግ የነበረ መስሎኝ ከራሴ አነጋገር የራቀውን ስቆጥር ነበር።

ከዚያ እንደገና ገመገምኩት፤ በደንቡ። ከአሥራ ሁለቱ ረድፍ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው፤ አራቱም ቀላል። አራት ነጥብ፣ በሺህ ቃል አምስት፤ ዘጠና አምስት። አልፋለች። ቀጥሎ ሌላ ሠንጠረዥ ከፍቼ የታተመውን፣ የእኔን፣ ገመገምኩ። የአንባቢውን ቋንቋ የለቀቁ ቃላት አሉበት፤ እነሱን ቆጠርኳቸው። ከዚያ ወደዚያ ዓረፍተ ነገር ደረስኩ። ዓይነት፦ ትክክለኛነት፣ የተጣለ። ክብደት፦ አስጊ። ሌላውን ማስላት አያስፈልግም፤ ወድቋል። በከሚሴ ከእኔ በላይ በጥንቃቄ ይህን ሠንጠረዥ የሚሞላ ሰው የለም፤ ያንንም የሞላሁት እንደዚያው ነው። አንዲት ነጥብ ለራሴ አልራራሁም።

ሁለቱንም ለአስተባባሪው አቀረብኩ። ረጅም ጊዜ አነበበ።

«አባት፣ ይህን ማንም አልጠየቀዎትም።»

«አውቃለሁ።»

«ወረቀቱን ሰብስበን በዚያ መስመር ላይ ማስተካከያ እንለጥፋለን። የእሷን ዓረፍተ ነገር እንዳለ። ይሄ ይቻላል፤ ዛሬውኑ እጀምረዋለሁ።»

«እሷስ?»

ብዕሩን አስቀመጠ። «የሙከራ ውጤቱ ተልኳል፤ ተዘግቷል። እኔ የምከፍተው አይደለም። ይህን አያይዤ እጽፋለሁ፤ በሚቀጥለው በጀት እንደ አዲስ ትወዳደር ይሆናል። ቃል ግን አልሰጥዎትም።»

በገበያ ቀን ሰንበቴ ወረድኩ። ከከብቱ ተራ ወዲህ፣ ከእህል ተራው፣ አጎቷ መጋዘን በር ላይ አገኘኋት። ሚዛን ላይ ማሽላ ትመዝናለች። አፋሮች ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። እኔን ስታይ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ ውሃ አስመጣችልኝ። ሰላምታውን አላሳጠረችውም። ጉልበቴን እንኳ አልረሳችም።

ወረቀቶቹን አወጣሁ። የእሷን አዲሱን ውጤት አየችና «ዘጠና አምስት» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። የእኔን ሠንጠረዥ ረድፍ በረድፍ አነበበች። ያ ቀስ ብሎ የሚያነብ አፏ አልተለወጠም። አስጊ የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ምን ሆነ?»

ነገርኳት። ሴትየዋን፣ ቀለበቱን፣ ልጁን። ስጨርስ ዓይኗ ሚዛኑ ላይ ነበር።

«ቀበሌው የቱ ነው?»

ነገርኳት። የእናቷ ቀበሌ አጎራባች ነው። ሴትየዋን ታውቃት እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

«ዓረፍተ ነገርሽ ተመልሷል» አልኳት። «በየወረቀቱ ላይ እየተለጠፈ ነው።»

«ጥሩ።»

«ደንቡ እንደሚለው፣ የተርጓሚ መልስ ዓምድ አለ። በእኔ ሠንጠረዥ ላይ ባዶ ነው። የታተመው የእኔ ስለሆነ መልሱ የእኔ ነው ይባል ይሆናል፤ ግን እኔ የምጽፈው የለኝም። አንቺ ብትሞይው አልኩ። የፈለግሽውን።»

ብዕር ሰጠኋት። ተቀበለችው። ትንሽ ይዛው ቆየች። ከተራው አንዱ «እህት፣ ፀሐዩ ገደለን እኮ፤ ትመዝኚያለሽ ወይስ ትጽፊያለሽ?» አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

«እመዝናለሁ» አለችው።

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣ ሁለቱንም መለሰችልኝ። «አባ፣ በረንዳው ላይ ያስተማሩኝን አልረሳሁም» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ግን እዚህ የምጽፈው ከዐውዱ አይገባዎትም?»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ጆንያውን ወደ ሚዛኑ ሳበች። ላግዛት ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ከተራው የነበረ አንድ ወጠምሻ ቀድሞኝ አነሳው።

በቀጣዩ በጀት ዓመት መዝገቡ ተከፈተ። አስተባባሪው ደብዳቤ ልኮላት ነበር፤ አላመለከተችም። እኔ አሁን ግምገማ አልቀበልም። ሠንጠረዡ ግን አለኝ፤ ግድግዳው ላይ የታተመው ወረቀት በነበረበት ቦታ ሰቅየዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ አላነብለትም። ሁሉም ረድፍ በጥሩ ጽሕፈት ተሞልቷል፤ የመጨረሻው ዓምድ ብቻ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።